«12 የስንት 30 በመቶ ነው?»፦ እህትህ መልሱን አገኘችው፣ ጥያቄውን ግን ስታዋለች

ጥያቄ፦ «መምህር፣ ታናሽ እህቴ 6ኛ ክፍል ናት። የቤት ሥራዋ ላይ ‹12 የስንት 30 በመቶ ነው?› የሚል አለ። እኔ 12ን በ30 አባዝቼ ለ100 አካፍዬ 3.6 አልኳት። ትልቅ ቁጥር ነው መሆን ያለበት ብላ ሳቀችብኝ። ከዛ 30 ካለ 70 ይቀራል ብዬ 12 ላይ 70 በመቶውን ጨመርኩ፣ 20.4 መጣ። የመጽሐፉ መልስ 40 ነው። እሷ ደግሞ ‹ከ30 12 ያገኘ ሰው 40 በመቶ ነው› ብላ 40 ጻፈች፣ ትክክል ተባለላት። ማናችን ነን የተሳሳትነው? ባይሆን ፎርሙላውን ብቻ ንገሩኝ።»

ሁለታችሁም ተሳስታችኋል። የእሷ ስህተት ግን ካንተ የባሰ ነው፣ ምክንያቱም ትክክል ተብሎ ታርሞላታል። ትክክል የተባለ ስህተት ደግሞ ለዓመታት ተደብቆ ይኖራል። ወደሷ እመለሳለሁ።

ፎርሙላውን ወደ መጨረሻ ላይ ታገኘዋለህ። አሁኑኑ የማልሰጥህ ልጎትትህ ፈልጌ አይደለም። አንተ ፎርሙላ አልጠፋህም። 12 በ30 ተባዝቶ ለ100 ሲካፈል በደንብ የሚሠራ ፎርሙላ ነው፤ ችግሩ የሌላ ጥያቄ ፎርሙላ መሆኑ ነው። ሁለተኛ ፎርሙላ ብጨምርልህ የሚሆነው የታወቀ ነው፤ ሁለት ፎርሙላ ይዘህ የትኛውን ላውጣ እያልክ ትቆማለህ።

መጀመሪያ ሁለቱን ጥያቄዎች ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። «የ12 30 በመቶ ስንት ነው?» አንዱ ነው። «12 የስንት 30 በመቶ ነው?» ሌላው ነው። ቃሎቹ አንድ ናቸው፣ ቁጥሮቹም አንድ ናቸው። የተለወጠችው አንዲት ፊደል ናት፣ «የ»። በመጀመሪያው «የ» 12 ላይ ተቀምጣለች። በሁለተኛው «ስንት» ላይ ተቀምጣለች። አማርኛ እዚህ ላይ ደግ ቋንቋ ነው፣ ሙሉው የቱ እንደሆነ በፊደል ምልክት አድርጎ ይነግርሃል። በመቶው የሚለካው «የ» ወይም «ከ» ከተለጠፈበት ነገር ነው። «የ12 30 በመቶ» ሲባል 12 ሙሉው ነው፣ ከሱ ላይ ቆርሰህ ትወስዳለህ፣ ስለዚህ 3.6 ይመጣል። «የስንት 30 በመቶ» ሲባል ግን ሙሉው ያ የማናውቀው «ስንት» ነው። 12 የተቆረሰው ቁራሽ ነው። አንተ ቁራሹን እንደገና ቆረስከው።

አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቅ። ፊደሏን ብቻ በዓይን እያሳደድክ አትሂድ። «ከተማሪዎቹ 30 በመቶ የሚሆኑት ቀሩ» በሚል ዓረፍተ ነገር ውስጥ «የሚሆኑት» ላይ ያለችው «የ» ለእኛ ጉዳይ ምንም አይደለችም። የምንፈልገው ስም ላይ የተቀመጠችውን ነው፤ እዚህ «ከተማሪዎቹ» ላይ ያለችው «ከ» ናት ሙሉውን የምታሳየው።

ወደ ሁለተኛው ሙከራህ እንምጣ፣ ወደ 20.4። ይሄኛው ስህተት ከመጀመሪያው የተሻለ ነው፤ ሐሳቡ ግማሹን መንገድ ሄዷል። 30 በመቶው በእጄ ካለ 70 በመቶ ይጎድለኛል፣ እሱን ልጨምር አልክ። ልክ ነው። የሳትከው 70 በመቶው የማን እንደሆነ ነው። ድፎ ዳቦ ተቆርሶ 30 በመቶው ደረሰህ እንበል። የቀረው 70 በመቶ የሚለካው ከድፎው ነው እንጂ እጅህ ላይ ካለው ቁራሽ አይደለም። አንተ ግን የቁራሹን 70 በመቶ፣ ማለትም 8.4ን፣ ወስደህ ጨመርክ። የጎደለው ድፎ 28 ነበር። 12 እና 28 ሲደመሩ 40 ናቸው። በነገራችን ላይ ይሄ ስህተት የ6ኛ ክፍል ብቻ አይደለም፣ ነጋዴውም ሒሳብ ሠራተኛውም ይሠራዋል፣ ቫት ላይ ስንደርስ ታየዋለህ።

እህትህ «ትልቅ ቁጥር ነው መሆን ያለበት» ያለችው ግን ትክክል ነው፣ ያንን ስሜቷን አታጥፋባት። እንዲያውም ትንሽ አጥብቀው። 30 በመቶ ከሲሶ ትንሽ ያንሳል። 12 ከሲሶ የሚያንስ ከሆነ ሙሉው ከ12 ሦስት እጥፍ በላይ ነው፣ ማለትም ከ36 በላይ። 3.6 ገና በሩ ላይ ይወድቃል። 20.4ም ይወድቃል፤ የ20.4 ግማሽ 10.2 ስለሆነ 12 ከግማሽ በላይ ሆኗል ማለት ነው፣ 30 በመቶ ደግሞ ግማሽ አይሞላም። ይሄን ግምት ለመሥራት አሥር ሰከንድ አይፈጅም፤ ካልኩሌተር ከመንካት በፊት ነው የሚሠራው።

አሁን ወደ አሠራሩ። አሥራት የሚሰጥ ሰው ታውቃለህ? ገቢውን ባታውቅ፣ ግን «የዚህ ወር አሥራቴ 450 ብር ነው» ቢልህ፣ ገቢው 4,500 እንደሆነ ወዲያው ትነግረዋለህ። ፎርሙላ አላወጣህም። አንዱ እጅ ከአሥር 450 ከሆነ አሥሩም እጅ 4,500 ነው አልክ። የጠየቅከኝ ጥያቄ ይሄው ነው፣ ልዩነቱ አንድ እጅ ሳይሆን ሦስት እጅ መሰጠቱ ብቻ ነው። ሦስቱ እጅ 12 ከሆነ አንዱ እጅ 4 ነው። አሥሩ እጅ 40።

ለእህትህ ይሄን በሥዕል ሥራላት። ወረቀት ላይ አንድ ረጅም ሳጥን ሥሩና እኩል አሥር ቦታ ክፈሉት። ሦስቱን ቀለም ቀቡና ከላያቸው «12» ብላችሁ ጻፉ። እያንዳንዱ ቤት 4 መሆኑን ራሷ ትናገራለች። ከዛ ባዶ ቤቶቹንም ትሞላለች። እኔ ክፍል ውስጥ ይሄን ሳጥን ሳላሠራ ፎርሙላ አልጽፍም፤ ሳጥኑን የሠራ ልጅ «70 በመቶውን 12 ላይ ልጨምር» አይልም፣ ባዶዎቹ ሰባት ቤቶች ፊቱ ላይ ተቀምጠው ያያቸዋልና።

አሥር ቤት የማይመችበት በመቶ ሲመጣ ግን መቶ ቤት አድርገህ አስብ፣ መሣል ሳያስፈልግ። ለምሳሌ 27 የስንት 45 በመቶ ነው ቢባል፣ 45ቱ ቤት 27 ከያዘ አንዱ ቤት 27 ሲካፈል ለ45 ነው፣ 0.6። መቶው ቤት 60። በቃ። አንድ በመቶው ስንት እንደሆነ ካወቅክ የፈለግከውን ታውቃለህ። 12ንም በዚሁ ብትሄድ 12 ለ30 ሲካፈል 0.4 ነው፣ በመቶ ሲባዛ 40። እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ 0.4 ላይ ቆሞ መልሱ ነው ይላል። 0.4 የአንዱ ቤት ድርሻ ነው። ሳጥኑን የሠራ ልጅ እዚህም አይቆምም።

መጽሐፉ ምናልባት «12 ለ0.3 አካፍል» ይላችኋል። እሱም ያው ነው፣ ግን ልጆችን የሚያስደነግጥ ነገር አለው። ማካፈል ያሳንሳል ተብለው ነው ያደጉት፣ አሁን ሲካፈል 40 ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ የሆነ ነገር ተሳስቻለሁ ብለው ያጠፉትና ወደ ማባዛት ይመለሳሉ። አንተም መጀመሪያ ያባዛኸው ከዚሁ ፍርሃት ይመስለኛል። 12 ሊትር ውሃ አለህ፣ ብርጭቆው የሚይዘው 0.3 ሊትር ነው። ስንት ብርጭቆ ይሞላል? 40። ብርጭቆው ከሊትር ባነሰ ቁጥር የብርጭቆው ብዛት ከሊትሩ ይበልጣል። ከ1 ባነሰ ነገር ስታካፍል ቁጥሩ ማደጉ እንግዳ ነገር አይደለም።

አስርዮሹ ላይ የሚሠራ ሌላ ስህተት አለ። 30 በመቶ 0.3 ነው ስንል የለመደ ሰው 7 በመቶን 0.7 ብሎ ይጽፋል። 0.7 ግን 70 በመቶ ነው። 7 በመቶ 0.07 ነው። መልሱ አሥር እጥፍ ነው የሚሳሳተው። አንድ በመቶውን ፈልጎ በመቶ ማባዛትን የምወደው ለዚህ ነው፤ ነጥቡን የት ላድርጋት ብለህ አትጨነቅም።

እህትህ ጋ ደረስን። «ከ30 12 ያገኘ ሰው 40 በመቶ ነው» ያለችው በራሱ እውነት ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ ፈተናው ከ20፣ ከ30፣ ከ50 እየተያዘ ነው የሚሰጣቸው፣ «ከ30 ስንት አመጣሽ?» የየቀን ወሬያቸው ነው። ስለዚህ 12 እና 30ን አብራ ስታይ የፈተና ውጤት ነው የታያት። ጥያቄው ግን 30ን ሙሉ አላደረገውም። 30 በመቶ ነው። እሷ 30ን ሙሉ አድርጋ በመቶውን ፈለገች፣ ጥያቄው ደግሞ በመቶውን ሰጥቶ ሙሉውን ፈለገ። ታዲያ እንዴት አንድ መልስ መጣ?

አጋጣሚ ነው ብለህ እንዳታልፈው። በማንኛውም ቁጥር ብትሞክረው ሁልጊዜ አንድ ቁጥር ይመጣል። የ40 30 በመቶ 12 ነው። የ30 40 በመቶም 12 ነው። ሁለቱም 30 በ40 ተባዝቶ ለ100 የተካፈለ ነው፣ ቦታ መቀያየራቸው ውጤቱን አይለውጠውም። ስለዚህ «12 የስንት 30 በመቶ ነው?» እና «12 የ30 ስንት በመቶ ነው?» የተለያዩ ጥያቄዎች ሆነው ቁጥራቸው መቼም አይለያይም። (ይሄን ለጭንቅላት ሒሳብ ልትጠቀምበት ትችላለህ። የ50 18 በመቶ ስንት ነው ከተባልክ፣ የ18 50 በመቶ፣ ማለትም ግማሹ፣ 9 በል።)

የሚለያየው 40ው ምን እንደሆነ ነው። በእሷ ሐሳብ 40ው በመቶ ነው። በጥያቄው 40ው ዕቃ፣ ሰው፣ ብር ነው። ጥያቄው ባዶ ቁጥር ስለሆነ ልዩነቱ አልታየም፣ አስተማሪዋም ማየት አትችልም፣ ወረቀቱ ላይ ያለው 40 ብቻ ነዋ። ጉዳቱ የሚታየው ቀጣዩ ጥያቄ ሲመጣ ነው። «በአንድ ክፍል 12 ተማሪዎች ቀሩ፣ የክፍሉ 30 በመቶ ናቸው። ስንት ተማሪ መጣ?» ቢባል ሙሉው 40 ስለሆነ 28 ተማሪ መጥቷል። 30ን ሙሉ ያደረገ ልጅ 18 ይላል። 40ን በመቶ ያደረገ ልጅ ደግሞ 60 ይላል፣ አርባ ተማሪ ባለበት ክፍል 60 ተማሪ መጣ ማለት ነው። እኔም ብዙ ዓመት እንዲህ ያለውን 40 ትክክል እያልኩ አልፌዋለሁ። አንድ ቀን አንዲት ልጅ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ወጥታ 40 ጻፈችና አጠገቡ የበመቶ ምልክት ስታስቀምጥ ነው የነቃሁት። ከዛ ወዲህ ይሄን ጥያቄ ብቻውን ሰጥቼ አላውቅም፣ «የቀረውስ ስንት ነው?» የምትል ጭራ እቀጥልበታለሁ።

አንተም ዛሬ ማታ ሌላ ነገር ሳትጨምር «40 ምን?» ብለህ ጠይቃት። «40 በመቶ» ካለችህ ከሳጥኑ ጀምሩ።

ይሄ ስሌት ከቤት ሥራ ውጪ የት እንደሚያገለግል አልጠየቅከኝም፣ ግን ደሞዝ የምትቀበል ከሆነ ወረቀትህ ላይ ተቀምጧል። የጎረቤቴ ልጅ አዲስ ሥራ ገብቶ የደሞዝ ወረቀቱን ፎቶ ላከልኝ። ፎቶው ከላይ ደብዝዞ የመሠረታዊ ደሞዙ መስመር አይነበብም። የሚነበበው «ጡረታ 630» ብቻ ነው። ጡረታ ከሠራተኛው የሚቆረጠው 7 በመቶ ነው። ስለዚህ 630 የስንት 7 በመቶ ነው? አንድ በመቶው 90 ነው፣ መቶው 9,000። መሠረታዊ ደሞዙ 9,000 ብር ነው አልኩት።

ልጁ አልተስማማም። «እኔ እኮ የተቀጠርኩት በ11,500 ነው» አለ። የ11,500 7 በመቶ 805 ነው፣ ስለዚህ ወይ እኔ ተሳስቻለሁ ወይ በትክክል አልተቆረጠም ብሎ ሊነሳ ነው። ሁለቱም አልሆነም። 2,500ው የትራንስፖርትና የሌላ አበል ነበር፣ ጡረታ ደግሞ የሚሰላው ከመሠረታዊ ደሞዝ ነው። ስሌቱ የሚመልስልህ በመቶው የተለካበትን ነገር ብቻ ነው። «ደሞዜ» ብለህ በሐሳብህ የያዝከው ነገር ሌላ ከሆነ ስሌቱ አያውቅልህም።

ቀጥሎ ደግሞ ሌላ ወረቀት አመጣ፣ ለጡረታ የገባው ጠቅላላ 1,620 ብር ነው የሚል። እንደለመደው ለ7 አካፍሎ በመቶ አባዛውና 23,142.86 አገኘ። እንዲህ ሳንቲም የተንጠለጠለበት ቁጥር ሲመጣልህ ቆም በል። ደሞዝ ብዙ ጊዜ የተጠጋጋ ቁጥር ነው፤ መልሱ እንዲህ ከተሰባበረ በመቶው ሳይሆን አይቀርም የተሳሳተው። እዚህም የሆነው ያ ነው። 1,620ው የሱ 7 እና የቀጣሪው 11 ተደምረው ነው፣ 18 በመቶ። 1,620 ለ18 ሲካፈል 90፣ በመቶ ሲባዛ 9,000። ተመለሰ።

ከዛው ወረቀት ላይ የሥራ ግብሩን አይቶ በሱም ልሞክር አለ። በሱ አይሆንም። የደሞዝ ግብር በደረጃ ነው የሚሰላው፣ የመጀመሪያው ብር ላይ ያለው መጣኔና የመጨረሻው ላይ ያለው አንድ አይደለም። ለሙሉው ደሞዝ አንድ በመቶ ስለሌለ ለአንድ በመቶ አካፍለህ ወደ ኋላ መመለስ አትችልም። ደረጃ በደረጃ መፍታት ይፈልጋል፣ ሌላ ሥራ ነው።

ቫትን ቃል ገብቼልህ ነበር። ከነቫቱ 2,300 ብር የከፈልክበት ዕቃ አለ፣ ቫቱ 15 በመቶ ነው፣ ያለ ቫት ዋጋው ስንት ነው? አብዛኛው ሰው የ2,300ን 15 በመቶ ያወጣል፣ 345፣ ይቀንሳል፣ 1,955 ይላል። እስቲ ወደፊት መልሰው። የ1,955 15 በመቶ 293.25 ነው። ሲደመር 2,248.25። 2,300 አልመጣም፣ 51.75 ብር የሆነ ቦታ ጠፍቷል። ያንተ የ20.4 ስህተት ነው ይሄ፣ አቅጣጫው ነው የተገለበጠው። 15 በመቶው የተለካው ያለ ቫት ካለው ዋጋ ነው፣ ከ2,300 አይደለም። ያለ ቫት ዋጋው 100 ቤት ከሆነ ቫቱ 15 ቤት ጨምሯል፣ አንተ የከፈልከው 115 ቤት ነው። 2,300 ለ115 ሲካፈል 20፣ በመቶ ሲባዛ 2,000። ቫቱ 300። ወደፊት መልሰው፣ ይገጥማል።

ቅናሽም በዚሁ ይሄዳል። «30 በመቶ ቅናሽ» ተለጥፎበት 1,400 ብር ከፈልክ እንበል። ዓይንህ 30ን አይቶ 1,400ን ለ30 አካፍሎ በ100 ሊያባዛ ይቸኩላል፣ 4,667 ገደማ ይመጣል፣ የዋህ ነጋዴ ነው ማለት ነው። እጅህ ላይ ያለው 1,400 ግን ቅናሹ አይደለም፣ ከቅናሽ የተረፈው 70 በመቶ ነው። ለ70 ሲካፈል 20፣ ሙሉው 2,000። በመቶውና ቁጥሩ ስለ አንድ ነገር እያወሩ መሆኑን ሳታረጋግጥ አታካፍል። ይሄ ከምነግርህ ማስጠንቀቂያ ሁሉ ዋናው ነው።

አንድ ገደብም አለ፣ መጽሐፉ የማይነግራችሁ። በመጽሐፍ ላይ 30 በመቶ ማለት ልክ 30 ነው። ሰው ሲያወራ ወይም ሪፖርት ሲጽፍ ግን ብዙ ጊዜ አጠጋግቶ ነው። «30 በመቶ» ያለህ ሰው 29.6 ሊሆን ይችላል፣ 30.4ም ሊሆን ይችላል። ለ12 ሰው ይሄ ብዙ አይጎዳም። 12ን ለ29.5ም ለ30.5ም ብታካፍለው ሙሉው በ39.3 እና በ40.7 መካከል ነው፣ ሰው ደግሞ በነጥብ አይቆጠርም፣ ስለዚህ 40 ነው። በመቶው ትንሽ ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። የዕድሩ ጸሐፊ «መዋጮ ያልከፈሉት 12 ናቸው፣ 2 በመቶ ገደማ» ቢል፣ ስሌቱ 600 አባል ይልሃል። ያ 2 በመቶ ግን ከ1.5 እስከ 2.5 ያለውን ሁሉ አጠጋግቶ ሊሆን ይችላል። በ2.5 ከሄድክ 480 አባል ነው፣ በ1.5 ከሄድክ 800። ልዩነቱ 320 ሰው። ስሌትህ ውስጥ ምንም ስህተት የለም፣ የተሰጠህ ቁጥር ነው ይሄን ያህል የማይሸከመው። ስለዚህ ከትንሽ በመቶ ተነስተህ ሙሉውን ስታወጣ፣ በመቶው የተጠጋጋ ከሆነ፣ አንድ ቁጥር ብለህ አትማል። መዝገቡን ጠይቅ።

ፎርሙላው እንግዲህ ይሄውልህ፦

ሙሉው = ቁራሹ ÷ በመቶው × 100

የኔ ምክር ግን ይሄን አታስሸምድዳት ነው። ለሷም ላንተም አንድ መንገድ ብቻ ያዙ፣ አንድ በመቶው ስንት ነው? ብሎ መጀመር። ከሱ በፊት «ይሄ ቁጥር የምን ስንት በመቶ ነው?» የሚለውን በአንድ መስመር በቃል ትጻፍ፣ «12 ተማሪ የክፍሉ 30 በመቶ ነው» ብላ፣ ስሙን ሳትተው። ከሱ በኋላ ደግሞ መልሱን ወደፊት ትመልሰው፣ የ40 30 በመቶ 12 ይመጣል ወይ ብላ። ሦስት መስመር ነው። ባቋራጭ ለ0.3 ማካፈሉን 8ኛ ክፍል ስትደርስ ራሷ ታገኘዋለች፣ ካላገኘችውም ምንም አይጎድልባትም።

ነገ ይሄን ስጣት። «ከአንድ ትምህርት ቤት 18 ተማሪዎች መነጽር ያደርጋሉ፣ የትምህርት ቤቱ 24 በመቶ ናቸው። መነጽር የማያደርጉት ስንት ናቸው?» 57 ካለችህ ገብቷታል፣ ሙሉው 75 ነው። 6 ካለችህ 24ን ሙሉ አድርጋዋለች። 25 ካለችህ ደግሞ 75ን አግኝታ በመቶ መስሏታል፣ ያቺው የድሮዋ 40 ናት።